የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አራቱ ጎበዞች

ክበባችን ሦስት ባንዶች አሉት። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ከየባንዱ ምርጥ ምርጦቹን፣ በጠቅላላው አራት ልጆች አውጥተን አንድ አዲስ ባንድ ሠራን። ሐሳቡ የተማሪዎቹ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከሦስት ሳምንት ልምምድ በኋላ ቀድተን ስናዳምጠው ሁሉም ዝም አለ። ጊታሩ አሪፍ ነው፣ ድራሙም አሪፍ ነው፣ ዘፈኑ ግን አልያያዝ አለ። ዘፋኟ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ጊታሩም ኪቦርዱም እኩል ዘው ይላሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ፍለጋ ብላይንድ ፌዝ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ማጥናት ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1969 ኤሪክ ክላፕተንና ጂንጀር ቤከር ከክሪም ባንድ፣ ስቲቭ ዊንዉድ ከትራፊክ፣ ሪክ ግሬች ከፋሚሊ መጥተው የመሠረቱት ነው። የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ሲያቀርቡ 100 ሺህ ያህል ሰው ወጣ። አንድ አዲስ ባንድ በትንንሽ መድረኮች እየተሳሳተ የሚማርበት ጊዜ አለ። እነሱ ያንን ጊዜ በበቂ ሁኔታ አላገኙም። በስካንዲኔቪያ አጭር ጉዞ አድርገው አሜሪካን መዞር ጀመሩ። የራሳቸው ዘፈን ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡም የክሪምን ዘፈኖች ይጠይቅ ነበር። ነሐሴ ላይ ጉዞው ሲያልቅ ባንዱም አብሮ አለቀ።

አንድ አልበም ብቻ ነው የተዉት። በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ወጥቷል፤ ስለዚህ ገበያ አጥተው አይደለም የተበተኑት። ስድስት ዘፈን አለው። የመጨረሻው ከ15 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ አራቱም በየተራ ሶሎ ይጫወታሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ «ተራ እየጠበቁ ነው እንጂ አብረው እየተጫወቱ አይደለም» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ሌላ ተማሪ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። ክሪምም እኮ የታወቁ ሙዚቀኞች ስብስብ ነበር፤ እሱ ታዲያ እንዴት ተሳካለት? እውነት ነው። ግን ድራመሩ ቤከርና ቤዝ ተጫዋቹ ጃክ ብሩስ ቀደም ሲል በግሬም ቦንድ ባንድ ውስጥ ዓመታት አብረው ተጫውተዋል። ሁለቱ አይዋደዱም ነበር፤ ይጣሉም ነበር። ሆኖም አንዱ የሌላውን ምት ጠንቅቆ ያውቃል። ክሪም የቆመው በዚህ በተሠራ መሠረት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የሚጫወቱትን ልጆቻችንን በሌላ ጆሮ አዳመጥናቸው። በችሎታ ከአራቱ ጎበዞች ያንሳሉ። ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን የቤዙ ልጅ ማንም ምልክት ሳይሰጠው ከሚመታቸው ኖታዎች ግማሹን ይተዋል። መቼ እንደጀመረው ስጠይቀው ራሱም አላስታወሰም።

በዓመቱ መዝጊያ ኮንሰርት ላይ መድረኩን የያዙት ሦስቱ የቆዩ ባንዶች ናቸው። አራቱ ጎበዞች አልወጡም፤ ግን አልተበተኑም። በሚቀጥለው ዓመት በሳምንት አንድ ቀን ክፍሉን እንድለቅላቸው ጠይቀውኛል፤ ኮንሰርት ግን ለጊዜው አይያዝልን ብለዋል።