ከ1612 ተነሥቶ 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ያረፈው ቢጋር፦ ግልጽ ደብዳቤ ከሐዋሳ

ለትምህርት ቤቶች የትምባሆ ድርሰት ቢጋር ላሰራጨው ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ቢጋር ላይ ያለንን አስተያየት ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስገብተናል። ሁለቱንም ጊዜ «ይታያል» ተባልን። ቢጋሩ ግን አንድ ቃል ሳይነካ ተባዝቶ ለየክበባቱ ደረሰ። እኛ የታሪክና የባዮሎጂ መምህራን ነን፤ ድርሰቱን የሚያርሙትም እኛው ነን። በቢሮ በር የተመለሰውን በአደባባይ የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ቢጋሩ አምስት ነጥብ አለው። አንደኛው በአንዲስ ተራሮች አካባቢ ስለተጀመረው እርሻ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1492 የኮሎምበስ ሰዎች ኩባ ላይ ቅጠል ጠቅልለው የሚያጨሱ ሰዎች ስለማየታቸው ነው። ሦስተኛው በ1560 ገደማ ትምባሆን ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ስለላከው ስለ ዣን ኒኮ፣ አራተኛው ደግሞ በ1612 ቨርጂኒያ ላይ ስለተከለው ስለ ጆን ሮልፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለንም። አምስተኛው ነጥብ ግን «በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲጋራ በመጥፎ ጓደኛና በራስ መተማመን ማጣት ምክንያት በዓለም ተስፋፋ» ይላል። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ጠፍቷል። ሲጋራን ሲጋራ ያደረገው ነገር ሁሉ የሆነው በዚያ ውስጥ ነው።

ከቅጠሉ እንነሣ። በነፋስ ወይም በእንጨት ጭስ ቀስ ብሎ የደረቀ ትምባሆ በሳምንታት ውስጥ ስኳሩን ይጨርሳል። ጭሱ ወደ ቤዝ ያደላል፣ ጉሮሮን ይቆርጣል። ሰው ወደ ሳንባው ሊስበው ስለሚቸገር አፉ ውስጥ ይይዘዋል፤ ኒኮቲኑም በአፍ ስስ ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ካስዌል በሚባል አውራጃ፣ በ1839 ይህ ተለወጠ። እንደሚነገረው ስቲቨን የተባለ በባርነት የተያዘ ወጣት ማድረቂያ ቤቱን ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ እሳቱም ሊጠፋ ደረሰ። ደንግጦ ከአንጥረኛው ጉድጓድ ከሰል አምጥቶ ጨመረበት። ድንገተኛው ሙቀት ቅጠሉን ቡናማ በማድረግ ፈንታ ደማቅ ቢጫ አደረገው።

በኋላ ገበሬዎች ሙቀቱን በብረት ቱቦ እያስገቡ ጭሱ ቅጠሉን እንዳይነካ አደረጉ። አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ በእርጥበትና በ35 እና በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ባለ ሙቀት ቢጫ እስኪሆን ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ከዚያ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይልና የቅጠሉ ገላ ይደርቃል። በመጨረሻ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የመካከሉ አጥንት ይደርቃል፤ በጠቅላላው አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሙቀቱ ያለ ጊዜው ከጨመረ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፤ ከዘገየ ስኳሩ ያልቅና ይጠቁራል። በትክክል ከተያዘ ግን ስኳሩ ቅጠሉ ውስጥ ይቆለፋል። ያ ስኳር ሲቃጠል ጭሱን ወደ አሲድ ያደላዋል፣ ጭሱም ይለሰልሳል። የለሰለሰ ጭስ ያለ ሳል ወደ ሳንባ ይሳባል፤ ኒኮቲኑ ከዚያ አንጎል የሚደርሰው በሴኮንዶች ውስጥ ነው። የሲጋራ ጭስ ለምን በቀላሉ ወደ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሳንባ እንደሚገባ የባዮሎጂ ተማሪ በአንድ አንቀጽ ሊያስረዳ ይችላል። ቢጋራችሁ አልጠየቀውም።

ቀጥሎ ማሽኑ መጣ። ሲጋራ በመጠቅለል ጎበዝ የሆነ ሠራተኛ በእጁ በደቂቃ አራት ያህል ያወጣ ነበር፤ በአሥር ሰዓት 2,400 ማለት ነው። ጄምስ ቦንሳክ በ1881 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ማሽን በደቂቃ 200 ገደማ ያወጣል፤ በአሥር ሰዓት 120,000። አንዱ ማሽን የሃምሳ ሰው እጅ ነው። ጄምስ ዱክ የተባለው ነጋዴ ማሽኑን በ1884 ሥራ ላይ ሲያውል ማምረት ችግር መሆኑ ቀረ፤ ችግሩ አጫሽ ማግኘት ሆነ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አሜሪካዊ የትምባሆ ተጠቃሚ የሚያኝክ ወይም በፒፓ የሚያጨስ ስለነበር የሲጋራ ገዢ ገና መፈጠር ነበረበት።

የተፈጠረበት መንገድ ለተማሪ በጣም ግልጽ ነው። ፓኮው እንዳይጨማደድ ውስጡ የሚገባ ወፍራም ወረቀት ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ የተዋናዮች፣ የስፖርተኞችና የባንዲራ ሥዕል በተከታታይ ታተመበት። ስብስቡን ለመሙላት ሌላ ፓኮ መግዛት ያስፈልጋል፤ ካርዱን አጥብቀው የሚሰበስቡት ደግሞ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው። በ1929 የፋሲካ ዕለት ኒውዮርክ ላይ ሴቶች «የነጻነት ችቦ» እየተባለ ሲጋራ ይዘው እንዲወጡ የተደረገው በሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው በኤድዋርድ በርኔይስ ዕቅድ ነው፤ ይከፍለው የነበረውም የሲጋራ ኩባንያ ነበር። በ1950 የሳንባ ካንሰርና ሲጋራ መያያዛቸውን የሚያሳዩ ጥናቶች ሲወጡ፣ ኩባንያዎቹ በጥር 1954 ከ400 በላይ ጋዜጦች ላይ «ጉዳዩ አልተረጋገጠም» የሚል ይዘት ያለው የጋራ መግለጫ አወጡ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከእነዚሁ ኩባንያዎች የአንዱ የውስጥ ማስታወሻ የሚሸጡት ዕቃ «ጥርጣሬ» እንደሆነ በግልጽ ጻፈ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ተመዝግቦ ያለ ነው። እናንተ ግን ተማሪው ጥፋተኛው ጓደኛውና የራሱ ድክመት እንደሆነ እንዲጽፍ ታስገድዱታላችሁ። የሚያስቆጣን ይህ ነው። ስኳሩን ቅጠሉ ውስጥ የቆለፈው፣ ካርዱን ፓኮው ውስጥ የከተተው፣ ጥርጣሬውን በጋዜጣ የከፈለበት አዋቂ ከታሪኩ ወጥቶ፣ ልጁ ብቻ ተከሳሽ ሆኖ ቆመ። በእናንተ የነጥብ አሰጣጥ ደግሞ ይህን ያልጻፈ ተማሪ ከአምስተኛው ነጥብ ማርክ ይቀነስበታል።

ዘዴው ሩቅ አገር የቀረ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ሱቅ በደረቴው ሲጋራን ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ይዞ በፍሬ ይሸጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን እንደሚከለክልና ፓኮው ላይ 70 በመቶ የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንደሚያስገድድ ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያ የፈረመችው ዓለም አቀፍ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነትም በአንቀጽ 16 ሲጋራ በፍሬ እንዳይሸጥ አገሮች እንዲጥሩ ይጠይቃል። ምክንያቱም ለልጅ ኪስ የሚቀለው ፍሬው ስለሆነ ነው። በፍሬ የገዛ ልጅ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን አያየውም፤ ፓኮው ሻጩ እጅ ላይ ነው የሚቀረው። የድሮው ካርድ ልጁን ወደ ፓኮው ይስበው ነበር፤ የዛሬው ፍሬ ፓኮውን ከልጁ ይሸሽገዋል። ይህን ንጽጽር ራሱ ያገኘ ተማሪ ታሪክ ገባው እንላለን።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ነጥብ መካከል «የቅጠል አደራረቅና የሲጋራ ማሽን፣ ከ1839 እስከ 1884» እና «ገዢ የተፈጠረበት መንገድ፣ ከካርድ እስከ ፍሬ ሽያጭ» የሚሉ ሁለት ነጥቦች ይግቡ። ከአምስተኛው ነጥብ «በመጥፎ ጓደኛና በራስ መተማመን ማጣት ምክንያት» የሚለው ይውጣ። የማረሚያውን ወረቀት አዘጋጅተን ከሁለተኛው ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ ፋይላችሁ ውስጥ አለ። ድርሰቶቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ማስተካከያው ካልደረሰን ለአምስተኛው ነጥብ የምንቀንሰው ማርክ አይኖርም፤ ይህንንም ለተማሪዎቻችን አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

የታሪክና የባዮሎጂ መምህራን፣ ሐዋሳ