ቀንና ዕለቱ ያልተገናኙ የጨረታ ማስታወቂያዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

አንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ሳጥኑ «ረቡዕ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት ይታሸጋል» ብሎ በጋዜጣ አስነግሮ ነበር። ጥር 13 ግን ማክሰኞ ነበር። ዕለቱን ያመነ ተጫራች ሰነዱን ይዞ ሲመጣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ዋጋው ተነቦ አልቋል። ያሳዝናል፤ ሰውየው ለዋስትና ገንዘቡን ባንክ አስይዟል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ጽሑፉን የተየበው ሰው ደግሞ ቢያነበው አያየውም፤ ዓይኑ ያሰበውን ያነብለታል። ስለዚህ አንዱ የጸደቀውን ረቂቅ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ሊታተም የተዘጋጀውን ይከተል። ቀኑ ከካሌንደር ጋር፣ የዋስትናው አኃዝም በፊደል ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ከታተመ በኋላ የተገኘ ስህተት ማስተካከያው እዚያው ጋዜጣ ላይ ይውጣ፤ ቀኑም ይራዘም። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ክፍለ ሀገር ላለ ተጫራች አይደርስም።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ