ይድረስ ለአባዬ፤ ስለዚያች 560 ብር

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልዎት ነገሩን ሳላጣራ ላሳዝንዎ ስላልፈለግሁ ነው።

ለመስቀል ፍኖተ ሰላም የመጣሁ ለት የጡረታ ደብዳቤዎን «እስቲ አንብቢልኝ፣ ዓይኔ አልይዝ አለኝ» ብለው ሰጡኝ። ደመወዝ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ዓይኔ በቀጥታ አማካይ ደመወዝ የሚለው ላይ አረፈ። 5,000 ብር ይላል። ያኔ ዝም ያልኩት እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እርስዎ «መቼም ጡረታ ትንሽ ነው» ብለው ተቀብለውታል። እኔ ግን ደመወዝዎ 5,000 እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ከአልጋው ሥር ያወጡልኝን ካርቶን ያስታውሳሉ? የደመወዝ ወረቀቶቹን በላስቲክ አስረው ወር በወር ደርድረዋቸዋል። የግንቦት 2016ቷ ላይ የግሪስ እጅዎ አሻራ አለ። መሠረታዊ ደመወዝ 8,000፣ የጉዞ አበል 3,400፣ የጡረታ መዋጮ 560 ትላለች። የሦስቱን ዓመት ወረቀቶች አንድ በአንድ አየሁ። መሠረታዊ ደመወዙም መዋጮውም ያው ነው።

አባዬ፣ «የማገኘው እኮ ከ11,000 በላይ ነበር» ብለውኛል። እውነትዎን ነው፤ ግን አበል ለጡረታ አይቆጠርም። ቢሮ ሄደው 11,000 ካሉ ሌላው አቤቱታዎም ውድቅ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። የሚቆጠረው መሠረታዊው ደመወዝ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የ8,000 ብር 7 በመቶ 560 ነው። የ5,000 ቢሆን ኖሮ የሚቆረጥብዎት 350 ብር ነበር። ስለዚህ ይሠሩበት የነበረው ድርጅት ከእርስዎ ሲቆርጥ በ8,000 ቆርጧል፣ ለጡረታ ቢሮው ሲያስታውቅ ግን 5,000 ብሏል። በየወሩ ከእርስዎ ኪስ የወጣው 210 ብር ጡረታው ጋ አልደረሰም። ድርጅቱ ከራሱ መክፈል የነበረበትን 330 ብርም አልከፈለም። ያናደደኝ ይህ ነው።

አሁን ጡረታዎን ላስላልዎ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የተጀመረው በሐምሌ 2003 ነው፤ እርስዎም ከዚያው ወር ጀምሮ ተመዝግበዋል። እስከ ሰኔ 2017 ሲቆጠር 14 ዓመት ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የአራቱ ዓመት 5 በመቶ ስለሆነ ድምሩ 35 በመቶ ይሆናል። ይህ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። የ5,000 ብር 35 በመቶ አሁን የሚወስዱት 1,750 ነው። የ8,000 ግን 2,800 ነው። በየወሩ 1,050 ብር እየጎደለብዎት ነው፣ ዕድሜ ልክዎን።

በስልክ «ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ» አሉኝ። አባዬ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉ። እርስዎ እኮ ደጀን ላይ ወርደው ፍሬንና ጎማ ሳያዩ ዓባይ በረሃን ወርደው አያውቁም። ተሳፋሪው «ቸኩለናል» እያለ ሲጮህ እንኳ በመዶሻዎ ጎማውን እየመቱ ዙሪያውን ይዞሩ ነበር። ልጅ ሆኜ ከኋላዎ ቆሜ አይቻለሁ። ለሰው ነፍስ እንዲያ የተጠነቀቀ ሰው የራሱን ሐቅ ለምን ይተዋል?

የጡረታ ቢሮው የሚያሰላው ድርጅቱ ያስታወቀውን ይዞ ነው፤ ከኪስዎ የወጣውን አያይም። ስለዚህ መጀመሪያ የምንጠይቀው ድርጅቱ ስለ እርስዎ የላከውን የአገልግሎትና የደመወዝ ማስረጃ ቅጂ ነው። ከዚያ የሠላሳ ስድስቱን ወር ወረቀቶችና የባንክ ደብተርዎን ኮፒ አያይዘን ስሌቱ እንዲስተካከል በጽሑፍ እናመለክታለን። ማመልከቻው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ከነቀኑ ይመቱልን። ቢሮው ካልተቀበለን በማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚው ጉባዔ ይግባኝ ይባላል። ይግባኙ የቀን ገደብ ስላለው የሚሰጡን መልስ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን።

ድርጅቱ ደውሎ «ወረቀቶቹን አምጣና እናስተካክልልህ» ቢልዎ ዋናውን በምንም ዓይነት እንዳይሰጡ። የቀድሞ ረዳትዎም መጥቶ ቢለምንዎ ቡና ጠጥቶ ይሂድ እንጂ ካርቶኑን አያውጡለት።

ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። ወረቀቶቹን አብረን ኮፒ እናስደርጋለን፣ ሰኞም ቢሮ አብሬዎ እገባለሁ፤ ፈቃድ ወስጃለሁ። ለእማዬ የግፊት መድኃኒቷን ይዤ እንደምመጣ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ