የውህደቱ ጉባኤ ጥሪ ታርሞ እንደገና እንዲላክ ስለመጠየቅ

ለኩባንያችን የዲሬክተሮች ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሰብሳቢ፣

ኩባንያችን ከሌላ ድርጅት ጋር እንዲዋሐድና እያንዳንዱ አክሲዮን በ18 ዶላር ጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ቦርዱ መወሰኑን የሚገልጸው የጉባኤ ጥሪ ደርሶኛል። ውህደቱ ይጥቀም ወይም ይጉዳ የሚለውን ለጉባኤው ትቼ፣ ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ባለአክሲዮኑ የተጠራበትን አኳኋን ብቻ ነው።

ሥራችን ሜሪላንድ ውስጥ ቢሆንም የተመዘገብነው በዴላዌር ስለሆነ የምንገዛው በዚያ ግዛት የኩባንያ ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 251 ቦርዱ ስምምነቱን አጽድቆ ለባለአክሲዮኖች ድምፅ እንዲያቀርብና ጥሪውም ከጉባኤው ቢያንስ 20 ቀን አስቀድሞ እንዲላክ ያዛል። የእኔ ፖስታ ላይ ያረፈው ማኅተም ማርች 10 ሲል ጉባኤው የተጠራው ለማርች 21 ነው። አንቀጽ 262 ደግሞ በዋጋው የማይስማማ ባለአክሲዮን የአክሲዮኑን ተገቢ ዋጋ በፍርድ ቤት ማስወሰን እንደሚችል እንዲሁ ከጉባኤው ቢያንስ 20 ቀን አስቀድሞ እንዲነገረው፣ የአንቀጹም ግልባጭ ወይም አንቀጹ በይፋ የሚገኝበት የኢንተርኔት አድራሻ አብሮ እንዲላክለት ያስገድዳል። በጥሪው ውስጥ ከሁለቱ አንዱም የለም።

ይህ ጉድለት የወረቀት ሥርዓት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስደውል የተሰጠኝን መልስ ልጥቀስ፦ «መጀመሪያ ተቃውመው ድምፅ ይስጡ፤ ካልተስማሙ ከስብሰባው በኋላ ደብዳቤ ያስገባሉ።» ሠራተኛዋ በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ምክራቸውን የተከተለ ሰው ግን መብቱን ጨርሶ ያጣል። በሕጉ መሠረት ዋጋው እንዲገመገምለት የሚፈልግ ሰው የጽሑፍ ጥያቄውን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለኩባንያው ማድረስ፣ ውህደቱን አለመደገፍና ውህደቱ እስከሚጸናበት ቀን ድረስ አክሲዮኑን ሳይሸጥ መያዝ አለበት። የተቃውሞ ድምፅ ብቻውን እንደ ጥያቄ አይቆጠርም። ውህደቱ ከጸና በኋላም በ120 ቀን ውስጥ ለዴላዌር ቻንስሪ ፍርድ ቤት አቤቱታ ካልቀረበ መብቱ ይጠፋል።

ጥሪው «ውሳኔው በተሰብሳቢዎች አብላጫ ድምፅ ያልፋል» ማለቱም ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው ድምፅ ሊሰጥባቸው ከሚችሉት የወጡ አክሲዮኖች ሁሉ አብላጫው ሲሆን፣ የመመሥረቻ ሰነዳችንም ከዚህ የተለየ አይልም። ካሉን 100,000 አክሲዮኖች 60,000ው ተወክለው 35,000ው ቢደግፉ በጥሪው አነጋገር ውህደቱ አለፈ ይባላል፤ በሕጉ ግን 50,001 ስላልሞላ ወድቋል። እንግዲህ ቤቱ የሚቀር ሰው ለውጤቱ ከተቃዋሚ አይለይም፤ «ያልተገኘ እንደተስማማ ይቆጠራል» የሚለው የጥሪው የመጨረሻ መስመር ነገሩን ገልብጦታል።

ስለ ዋጋው የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የውጭ ገማች 18 ዶላር ተገቢ መሆኑን አረጋግጠዋል ይላል። ገማቹ የወደፊቱን ገቢ በምን ግምት እንዳሰሉ፣ ለሥጋቱ ስንት በመቶ ቅናሽ እንደወሰዱና ባለፈው ዓመት የታደሰውን ትልቁን ውላችንን መቁጠር አለመቁጠራቸውን አላየንም። የዴላዌር ፍርድ ቤቶች ድምፅ እንዲሰጥ የሚጠየቅ ባለአክሲዮን ቦርዱ የተመካበትን የግምት ሥራ ፍሬ ነገር የሚያሳይ ማጠቃለያ ይገባዋል ብለዋል። ይህን የምጠይቀው ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ዋጋ ይጨምራል ብዬ አይደለም። ሕጉ ከውህደቱ የሚገኘውን ጥቅም ከስሌቱ ስለሚያወጣ ዋጋው ሊቀንስም ይችላል፤ አሩባ ኔትዎርክስ የተባለው ኩባንያ እያንዳንዱ አክሲዮን በ24.67 ዶላር ሲሸጥ አቤት ላሉት ባለአክሲዮኖች የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 የወሰነው 19.10 ዶላር ነበር። ስለዚህ 18 ዶላሩን ተቀብሎ መሄድና መከራከር የሚመዘኑት የግምቱ ዝርዝር ሲታይ ነው።

ለኩባንያው ገንዘብ ያበደርን አባላትም አለን። ጥሪው ብድሩ «በአዲሱ አስተዳደር እንደገና ይታያል» ይላል። የዴላዌር ሕግ ለአበዳሪዎች የተለየ ማስታወቂያ እንዲላክ ባያስገድድም፣ በአንቀጽ 259 መሠረት ዕዳው እንዳለ ወደሚቀጥለው ኩባንያ ይተላለፋል፤ እንደገና የሚታይ ነገር የለም።

ስለሆነም ጉባኤው ለሌላ ቀን ተላልፎ፣ የአንቀጽ 262 ግልባጭና የግምቱ ማጠቃለያ የተያያዘበት፣ የድምፅ አቆጣጠሩና የብድሩ አገላለጽ የታረመበት ጥሪ 20 ቀን አስቀድሞ ለሁሉም እንዲላክ፣ ከስብሰባው በኋላ ጻፉ ለተባሉትም ማስተካከያው በጽሑፍ እንዲነገራቸው እጠይቃለሁ። ቦርዱ ቀኑን ባያራዝም መብቴ እንዳይቀርብኝ በ400 አክሲዮኖቼ ላይ የዋጋ ግምገማ የምጠይቅበት ማመልከቻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ገቢ የሆነበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ግልባጩ እንዲመለስልኝ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኩባንያው ባለአክሲዮንና አበዳሪ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ