«2.5 ካልደረሰ ስጋት የለም» ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አጥንት መሳሳት ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብሁት እዚህ አዳማ፣ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። «የአጥንት እፍጋት ልኬት ከዜሮ በታች 2.5 ካልደረሰ ስጋት የለም፤ ወተት መጠጣት ይበቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። የእናቴ ልኬት ከዜሮ በታች 2.1 ነበር። አከርካሪዋ ግን ተሰብሯል።

እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማቷ ፕሬድኒሶሎን ለስድስት ዓመት በየቀኑ ወስዳለች። አምና ደጃፍ ላይ ተደናቅፋ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ አሰሩላትና ልኬቱን አይተው «ገና ነው» ብለው ሸኟት። የምትውጠውን ኪኒን የጠየቃት አልነበረም። ከስምንት ወር በኋላ ባልዲ ስታነሳ ጀርባዋን ወጋት። ቀሚሷ መሬት መጥረግ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር፤ ለካ እርሷ ናት ያጠረችው።

አጥንት እንደ ጭቃ ቤት ዘወትር ይታደሳል። አሮጌውን የሚበሉት ሕዋሳት ሦስት ሳምንት ያህል ይቦረቡራሉ፤ ጉድጓዱን የሚሞሉት ገንቢዎች ግን ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን ይቀንስና በዪዎቹ ይበዛሉ፣ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። አንዱ ጉድጓድ በቅጡ ሳይሞላ ሌላው ይከፈታል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ገንቢዎቹን ያዳክማል፣ ይገድላልም። ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መራጊው በሌለበት ጭቃ ቢከመር ግድግዳ ይቆማል? የአከርካሪ ውስጥ ደግሞ የስስ ማገሮች መረብ ነው። አንድ ማገር ሲቆረጥ የእፍጋቱ ቁጥር በጥቂቱ፣ ጥንካሬው ግን በብዙ ይወርዳል፤ አዲስ አጥንት የሚያርፍበት ገጽም አብሮ ይጠፋል።

2.5 የበሽታውን ስም ለመስጠት የተሰመረ መስመር እንጂ አጥንት የሚሰበርበት ድንበር አይደለም። ከሚሰበሩት ብዙዎቹ ከመስመሩ ወዲህ ያሉ ናቸው። ለዚህ ነው በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍራክስ የተባለውን ስሌት ያወጡት። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ ቀድሞ የደረሰ ስብራትን፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ ማጨስን ይጠይቅና በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የመሰበር ዕድልን በመቶኛ ይገምታል። የእፍጋቱ ቁጥር ባይኖርም ይሠራል። ጉድለትም አለበት፤ ኪኒኑን መውሰድ አለመውሰድን እንጂ መጠኑን አይጠይቅም፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁም አይቆጥርም። ስለዚህ እንደ እናቴ ብዙ ለወሰደች ሴት አሳንሶ ሊገምት ይችላል። ቢሆንም የአንጓዋን ስብራት ከቁጥር ያስገባው ነበር፤ የእናንተ ዘገባ ግን አንድም ቦታ አላነሳውም።

ዘጋቢያችሁ ለዓመታት ይህን ኪኒን ስለሚውጡ እናቶች አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ያችን ዓረፍተ ነገር በአወጣችሁበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ