ሽያጩ ትርፍ፣ ሪፖርቱ ኪሳራ፦ ስለ ምንዛሪ ልዩነት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የ2017ን ሒሳብ መዝጋት ከጀመርን ወዲህ ቢሯችን የሚደወለው አብዛኛው ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «ዓመቱን ሙሉ አትርፌ ነው የሸጥኩት። ይሄ ኪሳራ ከየት መጣ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምናስረዳ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

በአንድ ደንበኛችን እንጀምር። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ቁጥሩንም ለስሌት እንዲመች አጠጋግተነዋል። በግንቦት 2016 የ200,000 ዶላር ዕቃ ከውጭ አቅራቢ በዱቤ አስመጡ። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ መዝገባቸው ላይ የ11.4 ሚሊዮን ብር ዕቃና የ11.4 ሚሊዮን ብር ዕዳ ሰፈረ።

ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘጋ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ተሻገረ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። የ2016 ሪፖርት ግን የሚሠራው በሰኔ 30 ተመን ነው። እናም ኪሳራው እዚያ አልገባም። በማብራሪያው ገጽ «ከሒሳብ መዝጊያ በኋላ የተከሰተ» ተብሎ ተጻፈ እንጂ። ያንን ገጽ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ከኦዲተሩ በቀር የሚያነበው የለም።

ነገሩ የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 21 መሠረት፣ በዶላር የሚከፈል ዕዳ በየሒሳብ መዝጊያው በዕለቱ ተመን እንደገና ይሰላል። ዕቃው ግን አይነካም። በገባበት ቀን ዋጋ፣ በ57 ብር፣ እንደተመዘገበ ይቀመጣል። ዕዳው ከዶላሩ ጋር ሲያድግ ዕቃው ባለበት ይቆማል ማለት ነው።

ደንበኛችን ዕቃውን በጥቅምት 2017 በ20 ሚሊዮን ብር ሸጠው ጨረሱ። በ11.4 የተመዘገበ ዕቃ ስለሆነ 8.6 ሚሊዮን ትርፍ ታየ። ደስ አላቸው። ከዚያም ላይ 3 ሚሊዮን አንስተው ቤት ማደስ ጀመሩ።

በጥር የዕዳውን ግማሽ፣ 100,000 ዶላር፣ በ125 ብር ከፈሉ። 12.5 ሚሊዮን ወጣ። መዝገቡ ላይ 5.7 የነበረ ዕዳ ነው፤ 6.8 ሚሊዮን ኪሳራ። ቀሪውን ግማሽ ሰኔ 30 ላይ በ135 ብር አሰላነው። እሱ ደግሞ 7.8 ሚሊዮን ጨመረ። ድምሩ 14.6 ሚሊዮን የምንዛሪ ኪሳራ ነው። የሽያጩ ትርፍ 8.6 ሲቀነስ 6 ሚሊዮን ጎደለ። ሌላ ወጪ ገና አልተነካም።

ሁለቱን ኪሳራዎች ለዩልን። የጥር ወሩ አልቆለታል፤ ገንዘቡ ከባንክ ወጥቷል። የሰኔው ገና ወረቀት ላይ ነው፤ ዕዳው እስኪከፈል ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። በገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ያልተከፈለው ልዩነት ተመልሶ ስለሚደመር ከዚያ ታዩታላችሁ። በጥቅምት የነበረው ምልክት ደግሞ ቀላል ነበር። ያንኑ ዕቃ በዕለቱ ዶላር ለመተካት ስንት ያስፈልጋል ብሎ ማስላት ነው። ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። የታየው ትርፍ የአሮጌ ተመን ትርፍ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ አክሲዮን ያላችሁም ደውላችኋል። የእናንተ ስሌት ሌላ ነው። በ57 ብር ተመን 1 ሚሊዮን ብር አክሲዮን የገዛ ሰው 17,500 ዶላር ገደማ አውጥቷል። አክሲዮኑ ከነትርፍ ድርሻው 1.3 ሚሊዮን ደረሰ እንበል። በብር 30 በመቶ አደገ። በ135 ሲመነዘር ግን 9,630 ዶላር ነው፤ 45 በመቶ ወርዷል። በዶላር የከፈለውን እንኳ ለማግኘት አክሲዮኑ 2.37 ሚሊዮን ብር መድረስ ነበረበት። ገንዘቡ እዚሁ የሚወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለቤት ሥራ፣ መለካት ያለበት በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ነው። ዶላሩ ብቻውን ሙሉውን አይነግራችሁም።

አክሲዮናችሁ የባንክ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ «የውጭ ምንዛሪ ልዩነት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከዕዳው የበለጠ ዶላር የነበረው ባንክ በዚሁ ለውጥ ትርፍ አስመዝግቧል። ያን አውጥታችሁ የቀረውን ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩ። ተመኑ በዚያ ልክ ካልዘለለ በሚቀጥለው ዓመት ያ ትርፍ አይደገምም።

በዶላር ዕዳ ወይም ተቀማጭ ያላችሁ ሁሉ ሦስት ነገር ላኩልን፦ በሰኔ 30 የነበረውን ቀሪ በዶላር፣ እያንዳንዱ ክፍያ የተፈጸመበትን ቀን፣ ባንኩ ያን ዕለት የመነዘረበትን ደረሰኝ። በአማካይ ተመን የተሞላ ሠንጠረዥ አትላኩብን። ባለፈው ጊዜ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ ክፍላችን