ተመልሶ የመጣ ኢሜይል ምን ይላል?

የተከበራችሁ አባላት፣

የላካችሁት ኢሜይል ሳይደርስ ሲቀር Mail Delivery Subsystem ወይም Mailer-Daemon በሚል ስም የሚመጣላችሁን ማስታወቂያ ሳታነቡ እንዳታጠፉት በአክብሮት እንጠይቃለን፤ መልእክቱ ለምን እንደተመለሰ በውስጡ በቁጥር ተጽፏልና። እንዲህ ያለውን መስመር ፈልጉ፦

```
550 5.1.1 User unknown
```

ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን አሃዝ ተመልከቱ። 5 ከሆነ የተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን ጨርሶ አልቀበልም ብሏል፤ ስለዚህ ምንም ሳይስተካከል ደግሞ መላክ ጥቅም የለውም። 4 ከሆነ ግን እክሉ ጊዜያዊ ሲሆን፣ የላኪው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ለቀናት ራሱ እየደጋገመ ስለሚሞክር፣ እናንተም ከደገማችሁት ተቀባዩ አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ሊያገኝ ይችላል።

ከላይ ያለው 5.1.1 በዚያ አድራሻ የተከፈተ የመልእክት ሣጥን የለም ማለት ነው። ስሞቻችን በላቲን ፊደል በአንድ ወጥ መንገድ ስለማይጻፉ ይህ ስሕተት በእኛ ዘንድ በቀላሉ ይፈጠራል፤ ለምሳሌ ጸሐይ የተባለች አባል አድራሻዋን በ`tsehay` ከፍታ ሳለ `tsehai` ብሎ የጻፈ ሰው መልእክቱ ይመለስበታል። ስለዚህ አድራሻውን ከማስታወስ ይልቅ ባለቤቱ ከላከላችሁ ኢሜይል ላይ ቅዱት።

5.2.2 የተቀባዩ ሣጥን መሙላቱን ያመለክታል፤ በስልክ ንገሩትና ቦታ ያስለቅቅ። 5.7.1 ደግሞ አድራሻው ትክክል ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ በራሱ ደንብ መከልከሉን ስለሚገልጽ፣ ምክንያቱን ከቁጥሩ ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ አንብቡ።

ፈጽሞ ያልላካችሁት መልእክት ተመልሶ ቢመጣ፣ አድራሻችሁን ሌላ ሰው አስመስሎ ተጠቅሞበት ሊሆን ስለሚችል፣ በውስጡ ያለውን ሊንክም ሆነ አባሪ አትክፈቱ።